የ12 ጎማ ግዥ በማን ፊርማ ያልፋል?

አንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት እንውሰድ። በግዥ መመሪያው መሠረት የክፍል ኃላፊ እስከ 50,000 ብር፣ የፋይናንስ ኃላፊ እስከ 300,000 ብር፣ ዋና ሥራ አስኪያጁ ደግሞ እስከ 1,500,000 ብር ያጸድቃሉ። ከዚያ በላይ ያለው ለቦርድ ይቀርባል።

የስምሪት ክፍሉ 12 የመኪና ጎማ ጠየቀ። ግዥ ክፍል ፕሮፎርማ ሰብስቦ የአንዱን ዋጋ 38,000 ብር አገኘ። ጠቅላላው 456,000 ብር ሲሆን 15 በመቶ ቫት ሲጨመርበት 524,400 ብር ይደርሳል። ስለዚህ በጀት መኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ የክፍሉ ኃላፊና የፋይናንስ ኃላፊው አይተውት ወደ ዋና ሥራ አስኪያጁ ይሄዳል። የግዥ ትዕዛዙ ለአቅራቢው የሚላከው የእሳቸው ፊርማ ካረፈበት በኋላ ብቻ ነው።

ሥራ አስኪያጁ መስክ ላይ ከሆኑና መኪኖቹ ከቆሙ ግን አንድ አቋራጭ ይታያል፦ ጥያቄውን አራት አራት ጎማ አድርጎ ለሦስት መክፈል። እያንዳንዱ ትዕዛዝ ከነቫቱ 174,800 ብር ስለሚሆን በፋይናንስ ኃላፊው ፊርማ ያልቃል። ሦስቱም ወረቀቶች ለየብቻ ሲታዩ እንከን የላቸውም። ገደቡ የተጣሰው ሲደመሩ ነው።

ይህን ማወቅ ከባድ አይደለም። በ30 ቀን ውስጥ ከአንድ አቅራቢ የተገዙ ተመሳሳይ ዕቃዎችን ደምሮ ማየት ይበቃል። 290,000 እና 295,000 ብር የሆኑ፣ ገደቡ ሥር የተጠጉ ትዕዛዞች ከበዙም መጠየቅ አለባቸው። መመሪያው ገደቡ የሚቆጠረው በጠቅላላ ፍላጎቱ ላይ መሆኑን፣ ከቫት በፊት ይሁን በኋላም በግልጽ መጻፍ አለበት። ካልተጻፈ 46,000 ብር የሆነ ግዥ በአንዱ ስሌት ከክፍል ኃላፊው ገደብ በታች ነው፤ ቫት ሲጨመርበት 52,900 ብር ሆኖ ከገደቡ ያልፋል።

በእኔ እምነት ብዙውን ጊዜ ግዥ የሚከፋፈለው በስርቆት ሐሳብ ሳይሆን ፊርማ ስለሚዘገይ ነው። መፍትሔው የጽሑፍ ውክልና ነው፦ ማን፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ እስከ ስንት ብር እንደሚፈርም የሚገልጽ። ግን ጥያቄውን ያቀረበው ሰው በውክልና የራሱን ጥያቄ እንዳያጸድቅ መከልከል አለበት።

ከጸደቀ በኋላም ሥራው አያበቃም። አቅራቢው «ዋጋ ጨምሯል» ቢል የተስተካከለው ትዕዛዝ እንደ አዲስ ይጸድቃል። ጎማው ሲደርስ የሚቆጥረው ያዘዘው ሳይሆን መጋዘን ነው። የገቢ ሰነዱ 10 ጎማ፣ ደረሰኙ 12 ጎማ የሚል ከሆነ ሒሳብ ክፍል ክፍያውን ይይዛል፤ የሥራ አስኪያጁ ፊርማ ትዕዛዙ ላይ ቢኖርም እንኳ።