ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚጫነው

በ2023 እ.ኤ.አ. የሜይ ወር ሊያልቅ ሲል አንድ ሰው ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ኮምፒውተሩ ቫይረስ እንደገባበት ጠርጥሮ ዶክተር ዌብ ለተባለው የሩሲያ አንቲቫይረስ ኩባንያ አመለከተ። ባለሙያዎቹ ሲመረምሩት ጥርጣሬው እውነት ሆኖ ተገኘ። ቫይረሱ ግን በኋላ የገባ አልነበረም፤ ዊንዶውሱ ሲጫን አብሮ የተጫነ ነው። ኩባንያው ፍለጋውን ሲቀጥል ተመሳሳይ ተባይ ያለባቸው ሌሎች የዊንዶውስ 10 መጫኛዎችም በቶሬንት ሲዘዋወሩ አገኘ።

የአሠራሩ ብልሃት በዝርዝር መታየት አለበት። በነዚህ መጫኛዎች ውስጥ ሦስት ፋይሎች ተሸሽገዋል። የመጀመሪያው `iscsicli.exe` ይባላል፤ ስሙ ከዊንዶውስ የራሱ ፋይል ጋር አንድ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም። ዊንዶውሱ ተጭኖ ሲነሳ በጊዜ የሚሠሩ ሥራዎችን የሚያስጀምረው የሲስተሙ ክፍል ይህን ፋይል ያስነሳዋል። ፋይሉም ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነበበውን፣ EFI የተባለውን ትንሽ የዲስክ ክፍል ከፍቶ ሁለቱን ጓደኞቹን እዚያ ይገለብጣል፤ ከዚያ C ላይ የነበሩትን አጥፍቶ ክፍሉን መልሶ ይዘጋዋል። ይህ ክፍል በተለመደው የፋይል መስኮት አይታይም፤ ብዙ አንቲቫይረሶችም አይፈትሹትም።

ሁለተኛው ፋይል `Lsaiso.exe` የተባለውን የዊንዶውስን የራሱን ፕሮግራም አስነስቶ ውስጡን ባዶ ያደርግና ሦስተኛውን ያስገባበታል። ከውጭ የሚታየው የዊንዶውስ ስም ነው፤ ውስጡ ግን ሌባ ነው። ሌባው የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው፦ ባለቤቱ የክሪፕቶ ዋሌት አድራሻ ኮፒ የሚያደርግበትን ጊዜ። ፔስት ሲደረግ የሚወጣው የሌባው አድራሻ ይሆናል፤ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ስለሆነ አስተውሎ የሚያነበው የለም። የመመርመሪያ ፕሮግራም ተከፍቶ ካየ ደግሞ እጁን ይሰበስባል። ኩባንያው ጉዳዩን ይፋ እስካደረገበት እስከ ጁን 2023 ድረስ በዚህ መንገድ ወደ 19 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ተሰርቋል።

ይህ የሆነው በክሪፕቶ ላይ ነው እንጂ ዘዴው በክሪፕቶ አይወሰንም። በዲሴምበር 2022 ማንዲያንት የተባለው የደኅንነት ኩባንያ በዩክሬን መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ላይ ያነጣጠሩ፣ የዩክሬን ቋንቋ ያላቸው የዊንዶውስ 10 መጫኛዎች በቶሬንት መሠራጨታቸውን አጋልጧል። በእነዚያ መጫኛዎች የዊንዶውስ አፕዴት አስቀድሞ ተዘግቷል፤ ዓላማውም ገንዘብ ሳይሆን ስለላ ነበር።

ታዲያ ዊንዶውስ ይህን ለምን አይከለክልም? የመጫኛው ዋና ይዘት `install.wim` በተባለ አንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ የታሸገ ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ ትልልቅ ድርጅቶች የሚፈልጉትን ፕሮግራም ጨምረው እንዲያሰናዱ ብሎ ይህን ፋይል መክፈቻና መልሶ ማሸጊያ መሣሪያ በነፃ ይሰጣል። በዚያው መሣሪያ ማንም ሰው ከፍቶ የፈለገውን ፋይል ይጨምራል፣ ዲፌንደርን ያዳክማል፣ አፕዴትን ይዘጋል፣ ከዚያም መልሶ ያሽጋል። ሴኪዩር ቡት የሚያረጋግጠው መጫኛውን የሚያስነሳውን ፕሮግራም ነው፤ ያ ስላልተነካ በሰላም ያልፋል፣ የታሸገውን ግን አይፈትሽም። አንቲቫይረሱም ሲደርስ ቤቱ ውስጥ ነዋሪ ቀድሞት ገብቷል፤ ያውም የአስተዳዳሪውን ሙሉ ሥልጣን ይዞ።

እኛ አገር ላፕቶፕ ፎርማት ለማስደረግ የሄደ ሰው የሚሰማውን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ «አክቲቬት የሆነ ነው፣ ኦፊስም አብሮ አለው፣ አንቲቫይረሱን ግን እንዳትከፍተው፣ ክራኩን ያጠፋብሃል።» ባለሙያው ተንኮል ላይኖረው ይችላል። ፍላሹን ከሌላ ባለሙያ ቀድቷል፣ ያም ከሌላ፤ መጀመሪያ ማን እንዳዘጋጀው አያውቅም። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ተጭኖባቸው ከፋብሪካ ከወጡ ላፕቶፖች አብዛኞቹ ፈቃዳቸው እናት ቦርዳቸው ላይ ተጽፎ ነው የሚመጡት። ባለቤቱ ላፕቶፑን ሲገዛ ዋጋውን ከፍሏል። ክራክ የሚጫነው እንግዲህ በራሱ ሕጋዊ ፈቃድ ላይ ነው። የእርስዎም እንዲህ እንደሆነ ለማየት ፓወርሼልን ከፍተው ይህን ይጻፉ፦

```
(Get-CimInstance SoftwareLicensingService).OA3xOriginalProductKey
```

በሰረዝ የተከፋፈለ ባለ 25 ፊደልና ቁጥር ከወጣ ፈቃዱ አለ ማለት ነው። ንጹሑ ዊንዶውስ ሲጫን ራሱ ያነበዋል፤ ኢንተርኔት ሲያገኝም አክቲቬት ይሆናል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ፤ ፈቃዱ የሆም ከሆነ ፕሮ ቢጭኑ አይሠራም። ባዶ ከወጣም መጫኛውን ከማይክሮሶፍት ማውረድ ለማንም በነፃ ነው፤ የሚከፈለው ለፈቃዱ ነው።

የሚወርደው ከ`microsoft.com/software-download/windows11` ብቻ ነው። አድራሻውን ራስዎ ይጻፉት እንጂ በፍለጋ ከመጣ ማስታወቂያ አይግቡ። እዚያ መጫኛ ለማዘጋጀት ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል ነው፤ ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ ሲሰኩበት አውርዶ ራሱ ያዘጋጃል፤ ፍላሹ ላይ ያለውን ግን ያጠፋል። ሁለተኛው አይኤስኦ ፋይሉን ማውረድ ነው። ፋይሉ ከ5 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ በሞባይል ዳታ ይከብዳል፤ የማውረጃው ሊንክም ከ24 ሰዓት በኋላ ይሞታል። ስለዚህ ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አንድ ቀን አውርዶ ለቤተሰብና ለመሥሪያ ቤት ማቆየት ይሻላል።

ፋይሉን ከሌላ ሰው ቢቀበሉት እንኳ ማረጋገጥ ይቻላል። ቋንቋ ከመረጡ በኋላ ገጹ ላይ «Verify your download» የሚለውን ሲጫኑ ለየቋንቋው 64 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ይወጣል። ከዚያ በፓወርሼል ይህን ይጻፉ፤ ስሙ እርስዎ ዘንድ ባለው ፋይል ስም ይተካ፦

```
Get-FileHash .\Win11.iso
```

ከፋይሉ ውስጥ አንዲት ፊደል ብትቀየር መለያው ሙሉ በሙሉ ይለወጣል። ገጹ የሚያወጣው ግን የወቅቱን ዕትም መለያ ስለሆነ የቆየ ንጹሕ ፋይልም ላይገጥም ይችላል፤ ያን ጊዜ አዲስ ማውረድ ነው። መለያው የሚመሰክረው ስለ አይኤስኦው ብቻ መሆኑንም አይርሱ፤ ሰው አዘጋጅቶ የሰጠዎት ፍላሽ በዚህ አይረጋገጥም።

በዊንዶውስ 11 መስፈርት የማያልፉ አሮጌ ላፕቶፖች አሉ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም በኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል። ለነዚያ «የተስተካከለ» ዊንዶውስ 11 ከማይታወቅ ሰው ከማምጣት ኡቡንቱን ከራሱ ድረ ገጽ አውርዶ መጫን ይሻላል።

አሁን ያለዎት ዊንዶውስ አጠራጣሪ ከሆነ፣ ለምሳሌ አፕዴት አልከፈት ካለ፣ ዲፌንደር አልበራ ካለ ወይም ማንነቱ የማይታወቅ «አዘጋጅ» ስም በሲስተሙ መረጃ ላይ ካለ፣ ቫይረስ ማጽዳት ላይ ጊዜዎን አያባክኑ። ምልክት አለመታየቱም ንጽሕናን አያረጋግጥም። ሰነድና ፎቶ ብቻ ወደ ውጭ ዲስክ ይቅዱ፤ የፕሮግራም መጫኛዎችን ይተዉ። ንጹሑ ፍላሽ ተነስቶ ዲስክ ሲያስመርጥዎት የላፕቶፑን ዲስክ ክፍሎች አንድም ሳያስቀሩ ያጥፉ፤ C ብቻ ፎርማት ከተደረገ በዶክተር ዌብ ምርመራ የታየው ዓይነት ተባይ EFI ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ሁለት ዲስክ ካለ የሚያጠፉት የትኛውን እንደሆነ በመጠኑ ይለዩ፤ የጠፋ አይመለስም። የኢሜይልና የባንክ የይለፍ ቃልዎን የሚቀይሩት ንጹሑ ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ ነው፤ ቀድመው በአሮጌው ላይ ከቀየሩት አዲሱንም ለሌባው ሰጡት ማለት ነው። እስከዚያ መጠበቅ ካልቻሉ ከሌላ ሰላማዊ ስልክ ላይ ይቀይሩ፤ ከኢሜይሉ ይጀምሩ፤ ሌሎቹ አካውንቶች የሚከፈቱት በእሱ በኩል ነውና።