«አቤት»፦ መንገድ ለሚጠይቅ እንግዳ የመጀመሪያው ቃል



የዛሬው ንግግሬ የሚያተኩረው ከጥቂት ሴኮንዶች በማያልፍ ቅጽበት ላይ ነው። የማናውቀው ሰው በመንገድ ላይ «ይቅርታ» ብሎ ሲያስቆመን፣ ጥያቄውን ገና ሳንሰማ የምንናገረው የመጀመሪያ ቃልና የምንናገርበት ድምፅ ምን ሥራ ይሠራሉ?

ሮጀር ብራውንና አልበርት ጊልማን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 ባሳተሙት ጥናት፣ ብዙዎቹ የአውሮፓ ቋንቋዎች በሁለተኛ መደብ ተውላጠ ስም ምርጫቸው የተናጋሪዎቹን የሥልጣን ርቀትና ቅርበት እንደሚገልጹ አሳይተዋል። በአማርኛ ምርጫው ከተውላጠ ስም አልፎ በግሱ ውስጥ ይገባል። «እንደምን ዋልክ»፣ «እንደምን ዋልሽ»፣ «እንደምን ዋሉ» ከማለት ውጪ ገለልተኛ «ዋለ» ለአድማጭ የለንም። ስለዚህ አንድ ግስ እንደተናገርን ለሰውየው የሰጠነውን ደረጃ፣ አንቱታን ካልመረጥን ደግሞ ጾታውንም ይፋ አድርገናል። ችግሩ ደግሞ ይህን የምንወስነው ስለ ሰውየው ምንም በማናውቅበት ሰዓት መሆኑ ነው።

ቋንቋው ለዚህ ችግር የራሱ መፍትሔ አለው። ጠያቂው የሚጀምርበት «ይቅርታ» ስም እንጂ ግስ ስላልሆነ አድማጩን በየትኛውም ደረጃ አያስቀምጥም። «ጤና ይስጥልኝ» ግስ ቢኖረውም ሰጪው ፈጣሪ ነው፤ «ልኝ» የሚለውም የሚያመለክተው ተናጋሪውን ነው። አድማጩ በግሱ ውስጥ የለም። «አቤት» ደግሞ ጾታም ቁጥርም ሳያመለክት አክብሮትን ይሸከማል። «ወዬ» ለቅርብ ሰው ወይም ለታናሽ፣ «ምን?» ለጓደኛ ሊሆን ይችላል፤ ለማናውቀው ሰው ግን «አቤት» በየትኛውም ዕድሜ ላለ ሰው ይስማማል። መልስ ሰጪው ይህን ብሎ ዝም ሲል፣ ጠያቂው በምን ዓይነት አጠራር እንደሚጠራው ለመስማት ጊዜ ያገኛል።

ነገር ግን ቃሉ ብቻውን አይበቃም። «አቤት» በመጨረሻው ድምፁ በመጠኑ ከፍ ብሎ ሲነገር «እየሰማሁ ነው፤ ይቀጥሉ» ማለት ነው። ድምፁ ወርዶ፣ ቃሉ ተቆርጦ ሲወጣ «ፈጠን በል» የሚል ይመስላል። ተጎትቶ ሲወጣ ደግሞ «አቤት ሙቀቱ!» እንደምንለው የምሬት ቃል ይሆናል። ፊታችንን ወደ ሰውየው ሳናዞር፣ እርምጃችንን ሳንገታ የምንናገረው «አቤት»ም እንዲሁ አክብሮቱን ያጣል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአራት ኪሎ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት አንድ ተማሪ አስቁመው «ይቅርታ ልጄ» ይላሉ። ተማሪው ቆሞ «አቤት እናቴ» ይላል። እርሳቸውም «ስድስት ኪሎ በየት በኩል ነው የምትለኝ?» ብለው ይጠይቃሉ። በዚህ ጊዜ ግንኙነቱ ተወስኗል። «ልጄ» እና «የምትለኝ» አንተታን አስገብተዋል፤ ተማሪው ግን በ«እናቴ» አንቱታን መርጧል። አለመመጣጠኑ ማንንም አያስከፋም፤ የዝምድና ስሞቹ አስማምተውታል። ስለዚህ «በዚሁ ቀጥታ ይሂዱ፤ ብሔራዊ ሙዚየምን አልፈው የየካቲት 12ን ሐውልት ሲያዩ ደርሰዋል» ይላል።

አስቸጋሪው ሁኔታ ጠያቂው የመልስ ሰጪው እኩያ ሲመስል ነው። አንተታው እንደ ንቀት፣ አንቱታው «አስረጀኸኝ» እንደሚያሰኝ ሊቆጠር ይችላል። እዚህ ላይ «በዚህ ይኬዳል፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ይታጠፋል» እያልን በተደራጊ ግስ ምርጫውን ማዘግየት እንችላለን። ይሁንና ይህ ስልት ወሰን አለው። መልሱ ሁሉ ሰው የሌለበት ግስ ከሆነ መመሪያ የሚነበብ ይመስላል፤ ጠያቂው የተገፋ ያህል ይሰማዋል። «ወንድሜ» ወይም «እህቴ» የሚል አንድ ቃል መጨመር ቅዝቃዜውን ያስወግደዋል።

የመጀመሪያው ቃል እንዳልሠራ በምን እናውቃለን? እኔ የማየው የጠያቂውን ቀጣይ አድራጎት ነው። ጥያቄውን ካሳጠረ፣ መልሱ ሳያልቅ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ካለ፣ ጥቂት እርምጃ ሄዶም ሌላ ሰው ካስቆመ፣ ብዙ ጊዜ የጎደለው የመንገድ መረጃ አይደለም። ያልገባውን ደግሞ ለመጠየቅ የሚያስችለውን ፈቃድ ከመጀመሪያው ድምፃችን አላገኘም ማለት ነው። በአንጻሩ «ከሙዚየሙ በፊት ነው በኋላ?» ብሎ ደግሞ የሚጠይቅ ሰው «አቤት» የተባለው ከልብ መሆኑን ተቀብሏል።