«ጨጓራዬ ነው» ከማለት በፊት

አንድ የ58 ዓመት ሰው እናስብ። እራቱን በልቶ ጥቂት እንደቆየ ደረቱና ሆዱ መካከል አንዳች ነገር ያስጨንቀዋል፤ ያልበዋል፤ ያቅለሸልሸዋል። ባለቤቱ «ምን ሆንክ?» ስትለው «ጨጓራዬ ተነሳብኝ» ይላታል። ጤና ጣቢያ ሲደርስም ያንኑ ይደግማል። ካርዱ ላይ የጨጓራ ሕመም ተብሎ ይጻፍለትና መድኃኒቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የታመመው ግን ልቡ ነው። የልቡን ጡንቻ የሚመግበው የደም ሥር ተዘግቶ፣ ጡንቻው በየደቂቃው እየሞተ ነው።

ሰውዬው አልዋሸም። ነገር ግን ሕመሙ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ የት እንደሆነና ምን ያህል እንደበረታ አልተናገረም። የተናገረው ራሱ የደረሰበትን መደምደሚያ ነው፤ ሐኪሙም መደምደሚያውን ተቀብሎ ጻፈው። ይህ የሚያስቆጨኝ የሕመምን ዓይነት ለመናገር አማርኛ ቃል ስለማያጣ ነው።

ሕመማችንን የምንናገረው በአብዛኛው በግስ ነው። ይወጋኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ይቆርጠኛል፣ ይፈልጠኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይቆረጥመኛል፣ ይነዝረኛል እንላለን። እነዚህ ግሶች ለሰሚው የሚመስሉትን ያህል ተቀራራቢ አይደሉም። ሆዱን «ይቆርጠኛል» የሚል ሰው ያዝ ለቀቅ የሚያደርግ ሕመም እየነገረን ነው። ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንደ አንጀት ወይም ሽንት ከኩላሊት ወደ ፊኛ እንደሚወርድበት ቱቦ ካለ ውስጡ ክፍት የሆነ አካል ነው። ቱቦው ሲኮማተር ይቆርጣል፤ ሲላላ ፋታ ይሰጣል። ስለዚህ ቁርጠት የያዘው ሰው አርፎ አይተኛም፤ ይገላበጣል፣ ይነሳል፣ ይቀመጣል። የሆድ ዕቃው ሽፋን የተቆጣበት ሰው ግን ንቅንቅ ማለት አይፈልግም፤ አልጋው ሲነካበት እንኳ ይጮኻል። ሁለቱም «ሆዴን» ብለው ቢመጡም ግሱና አኳኋናቸው ይለያቸዋል።

ውጋትም የራሱ ጠባይ አለው። ጎኑን የሚወጋው ሰው «አየር ስስብ ይብሳል» ካለ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያስበው የሳንባን ሽፋን ነው፤ ሳንባ ምች ወይም ሳንባ ውስጥ የገባ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። «ይሞረሙረኛል» የሚለው ቃል የረሃብ ስሜት አለበት። የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ቁስል ያለበት ሰውም ብዙ ጊዜ ሆዱ ባዶ ሲሆንና ሌሊት እየሞረሞረው፣ እህል ሲቀምስ ቀለል ይልለታል። ወደ ጉሮሮ እየወጣ የሚያቃጥለውን ደግሞ ሁላችንም ቃር ብለን እናውቀዋለን።

የ58 ዓመቱ ሰው የተሰማው ከእነዚህ አንዱም አይደለም። የልብ ሕመም የያዛቸው ብዙ ሰዎች የሚመርጧቸው ቃላት ይጫነኛል፣ ያፍነኛል፣ ይጨምቀኛል፣ ይከብደኛል የሚሉት ናቸው። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው፣ በሽተኛው ስሜቱን ሕመም ብሎ ላይጠራው ይችላል። «ያምዎታል?» ሲሉት «አያመኝም፤ ጭንቅ ነው የሚለኝ» ይላል፤ ጠያቂው «ሕመም የለውም» ብሎ ካለፈ ዋናው ነገር አመለጠው። ሁለተኛው ወጥመድ ጭንቅ ከሚለው ቃል ራሱ ይመጣል። «ደረቴን ያስጨንቀኛል» ያለች ሴት የሐሳብ ጭንቀት እንዳለባት ተቆጥሮ፣ ስለ ቤቷና ስለ ትዳሯ ተጠይቃ ልትመለስ ትችላለች። የምትናገረው ግን ደረቷን ስለያዛት ክብደት ነበር።

በ1975 እ.ኤ.አ. ሮናልድ ሜልዛክ የተባለው ካናዳዊ ተመራማሪ የሕመም መግለጫ ቃላትን በ20 ቡድን ከፍሎ መጠይቅ አዘጋጅቶ ነበር። የሙቀቱ በአንድ ቡድን፣ የመጫኑ በሌላ፣ የመውጋቱ በሌላ ተደርድረዋል፤ በሽተኛው ቃል ሲመርጥ ለመርማሪው የሕመሙን ዓይነት ይጠቁማል። ለሐኪሞቻችን እንዲህ ያለ ወረቀት ባይኖራቸው እንኳ «ያመኛል» የሚለውን ቃል ተቀብለው ከማለፍ ይልቅ «ምን ያደርግዎታል?» ብለው ቢጠይቁ ግሱ ይወጣል።

የቦታው ጉዳይ ከዚህ ይልቅ ያስቸግራል፤ ቦታን የምንናገረው በውስጥ ዕቃ ስም ነውና። ወገቡን የሚያመው «ኩላሊቴን» ይላል፤ ብዙ ጊዜ የታመመው ግን የጀርባ ጡንቻ ነው። ከደረት አጥንት በታች፣ ከእምብርት በላይ ያለውን ቦታ አንዱ «ልቤን» ሲለው ሌላው «ጨጓራዬን» ይለዋል። ስለዚህ «ልቤን ያቃጥለኛል» ያለ ሰው ጨጓራውን፣ «ጨጓራዬን» ያለ ሰው ደግሞ ልቡን ታሞ ሊሆን ይችላል።

ጥፋቱ የቋንቋ ብቻ አይደለም፤ አካላችንም ያደናግረናል። ከልብ፣ ከክንድና ከደረት የሚመጡ የስሜት ነርቮች ወደ አከርካሪ የሚገቡት በተቀራራቢ ደረጃ ስለሆነ፣ አንጎል ከልብ የመጣውን መልእክት የግራ ክንድ ወይም የመንጋጋ አድርጎ ሊተረጉመው ይችላል። የልብ የታችኛው ክፍል ደግሞ ሆድንና ደረትን በሚለየው ጡንቻ ላይ ያረፈ ነው፤ ያ ክፍል ሲጎዳ ሕመሙ የላይኛው ሆድ ላይ ተሰምቶ ማቅለሽለሽና ትውከት ሊያስከትል ይችላል። የጨጓራ በሽታ መምሰሉ ከዚህ ነው።

ስለዚህ ከስሙ ይልቅ እጁ ይታመናል። ከቆዳ፣ ከጡንቻ ወይም ከጎድን የመጣን ሕመም ሰው ብዙውን ጊዜ በአንድ ጣት ያሳያል። ከውስጥ ዕቃ የመጣውን ግን በመዳፉ ይዳብሳል ወይም በጭብጡ ይጫነዋል፤ ወሰኑን ራሱም አያገኘውም።

አሁን ወደ ሰውዬው እንመለስና ወጣቷ ሐኪም ካርዱን ከመጻፏ በፊት ብትጠይቀው ምን ይመጣ እንደነበር እንይ።

«ጋሼ፣ ጨጓራ መሆኑን ለጊዜው እንተወውና ምን ያደርግዎታል? ያቃጥልዎታል? ይወጋዎታል?»

«አይ ልጄ፣ ማቃጠል እንኳ የለውም። ድንጋይ የተጫነብኝ ነው የሚመስለኝ።»

«እስቲ የቱ ጋ እንደሆነ በእጅዎ ያሳዩኝ።»

መዳፉን ዘርግቶ ከደረቱ ግርጌ እስከ ሆዱ ላይኛው ክፍል ያሳርፈዋል።

«ሌላ ቦታስ?»

«ግራ ክንዴን ይከብደኛል። መንጋጋዬንም ጨምድዶ ይዞኛል፤ እሱ እንኳ የጥርስ ነው መሰለኝ።»

«ከዚህ በፊት ይዞዎት ያውቃል?»

«ሰሞኑን ዳገት ስወጣ ያዝ ያደርገኝና ቆም ስል ይለቀኝ ነበር። ዛሬ ግን አልለቅ አለኝ።»

አሁን ሐኪሟ በቂ ነገር ይዛለች። ጫና የሚመስል፣ በመዳፍ የሚታይ፣ ወደ ክንድና መንጋጋ የሚዘልቅ፣ ዳገት የሚቀሰቅሰው፣ ላብና ማቅለሽለሽ የተከተለው ሕመም ነው። የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ በተለምዶ ኢሲጂ የሚባለው፣ እንዲህ ያለ ሰው በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ እንዲነሳ መመሪያዎች ያዝዛሉ። የመጀመሪያው ደህና ቢመስልም አይበቃም፤ ሕመሙ ከቀጠለ ይደገማል፤ የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚገኘው ትሮፖኒን የተባለው ንጥረ ነገርም ይለካል። መሣሪያው የሌለበት ጤና ጣቢያ ከሆነ ሰውዬው ሳይዘገይ ወዳለበት ሆስፒታል ይላካል።

ግሱ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ልባቸው ታሞ «ያቃጥለኛል» የሚሉ አሉ። የአሲድ ማስታገሻ ወስዶ ቀለል ማለቱም ልብ አለመሆኑን አያረጋግጥም፤ በዚህ የተታለሉ ብዙ ናቸው። ስኳር በሽታ ያለባቸው፣ በዕድሜ የገፉና ሴቶች ላይ ደግሞ ሕመሙ ጨርሶ ላይኖር ወይም ትንፋሽ ማጠርና ድንገተኛ ድካም ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

ያው ግስ ቦታው ሲለወጥም ትርጉሙ ይለወጣል። ለብዙ ዓመት ስኳር የታመመች እናት «እግሬን ያቃጥለኛል» ስትል፣ ሐኪሙ «እግር» ያለችው ከጭን እስከ ጣት የቱ እንደሆነ ማጣራት አለበት። የሁለቱም እግሮቿ መርገጫ ከሆነ፣ ሌሊት ከባሰ፣ መንዘርና መደንዘዝ ከተጨመረበት ሕመሙ ከራሱ ከነርቩ ጉዳት የመጣ ሳይሆን አይቀርም። በፈረንሳይ ሐኪሞች የተዘጋጀው ዲኤን4 የተባለው መጠይቅ ማቃጠልን፣ እንደ ኤሌክትሪክ መንዘርን፣ መደንዘዝን የመሳሰሉ 10 ነጥቦች አሉት፤ 4 እና ከዚያ በላይ ከተገኘ ወደ ነርቭ ሕመም ያደላል። ይህ መድኃኒቱን ይለውጣል። ለእንዲህ ያለው ሕመም ፓራሲታሞል እምብዛም አይረዳም፤ ሐኪሙ እንደ አሚትሪፕቲሊን ያለ በነርቭ ላይ የሚሠራ መድኃኒት በአነስተኛ መጠን ሊያዝ ይችላል።

የሕመሙ ብርታት የሚለካው በብዙ ቦታ ከ0 እስከ 10 ባለ ቁጥር ነው፤ 0 ምንም ሕመም የለም፣ 10 ከዚህ የባሰ የለም ማለት ነው። ቁጥሩ ለክትትል ይጠቅማል፤ ትናንት 8 ያለ ሰው ዛሬ 4 ካለ መድኃኒቱ እየሠራ ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው ቁጥር ሲጠየቅ ይቸገራል፤ አንዱ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብሎ ያሳንሰዋል፣ ሌላው እንዲታመን ብሎ 10 ይላል። እኔ የበለጠ የማምነው ሳይጠየቅ የወጣውን አነጋገር ነው፤ አማርኛ መጠኑን እዚያው ግሱ ላይ ያስቀምጠዋልና። «አመም ያደርገኛል» እና «ያመኛል» አንድ አይደሉም። «ወጋ ወጋ ያደርገኛል» ቀላልና የሚመላለስ ነው፤ «ቀስፎ ያዘኝ» ካለ ከባድ ነው፤ «ይቆራርጠኛል» ከ«ይቆርጠኛል» ይብሳል። «እንቅልፍ ነሳኝ»፣ «ቁጭ ብድግ አሰኘኝ»፣ «መስገድ አቃተኝ»፣ «ምጣድ ፊት መቀመጥ አልቻልኩም» የሚሉትም ሕመሙ ምን ሥራ እንዳስቀረ ስለሚናገሩ ከቁጥር ያላነሰ ይመዝናሉ። ያም ሆኖ ብርታት የአደጋ ልክ አይደለም። የኩላሊት ጠጠር መሬት ላይ ያንከባልላል፤ ልብን የሚገድለው ሕመም ግን «ጭንቅ ብቻ ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል።

ይህ ሁሉ በአስተርጓሚ በኩል ሲያልፍ የበለጠ ይሳሳል። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ሆስፒታል እናቱን ይዞ የሄደ ልጅ «ልቤን ያዘኝ» ያለችውን «ልቧን ታማለች» ብሎ ቢያስተላልፍ፣ ወይም «ጨጓራዋ ነው» ብሎ ቢያሳጥረው፣ ሐኪሙ የሰማው የልጁን መደምደሚያ ነው። ማስተላለፍ የሚገባው እሷ ያለችውን ግስ፣ እጇን ያሳረፈችበትን ቦታ፣ መቼ እንደጀመራትና ምን ሲያደርጉ እንደሚብስባት ነው። እሷ «ትንሽ ነው፣ አትጨነቁ» ብትል እንኳ ትናንት ሌሊት ተቀምጣ ማደሯን ልጁ መናገር አለበት።