ስኮላርሺፕ አቋርጦ ለመመለስ፦ ደብዳቤው ላይ ምን ይጻፍ?

ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ከሌላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለማስተርስ ወይም ለፒኤችዲ ወደ ውጭ የሚላክ ሠራተኛ ከመሄዱ በፊት ውል ይፈርማል፣ ዋስም ያቀርባል። ውሉ በአጭሩ «ተምረህ ስትመለስ ይህን ያህል ጊዜ ታገለግላለህ፤ ካላገለገልክ የወጣብህን ትከፍላለህ» ይላል። ትምህርቱ መሃል ላይ ቢቋረጥስ? ዛሬ የምናየው ይህንን ነው።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ትምህርት ማቋረጥ እና ሥራ መልቀቅ አንድ አይደሉም። ትምህርቱን ትታችሁ ወደ ሥራ ከተመለሳችሁ፣ ብዙ ጊዜ ግዴታውን በአገልግሎት የመወጣት ዕድል አላችሁ። «ለቅቄአለሁ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን የገንዘብ ጥያቄው ወዲያው ይመጣል። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ የቱን እንደመረጣችሁ በግልጽ ጻፉ።

ሂሳቡን በምሳሌ እንየው። አንድ መምህር ለ14 ወር ተምሮ አቋረጠ እንበል። በየወሩ 10,000 ብር ደሞዝ ተከፍሎታል፤ ይህ 140,000 ብር ነው። መሥሪያ ቤቱ የቆረጠለት ቲኬት 50,000 ብር ቢሆን ድምሩ 190,000 ብር ይሆናል። ውሉ ለተማረበት ጊዜ እጥፍ አገልግል የሚል ከሆነ 28 ወር ይጠበቅበታል። ተመልሶ 7 ወር ሠርቶ ቢለቅ ሩቡን አገልግሏል። ውሉ ያገለገለውን የሚቀንስለት ከሆነ የሚቀርበት 142,500 ብር ነው። የውጭው ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ የሰጠው የኪስ ገንዘብ እዚህ የሚገባው ውሉ ከጠቀሰው ብቻ ነው።

ደብዳቤው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«በ… ቀን በፈረምኩት ውል መሠረት የምከታተለውን ትምህርት በ… ምክንያት ከ… ቀን ጀምሮ አቋርጫለሁ። ከሥራዬ አልለቀቅኩም፤ በ… ቀን ወደ ሥራ ገበታዬ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ። በውሉ መሠረት የምከፍለው ካለ በዝርዝር ተሰልቶ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።»

«የወጣብኝን ሁሉ እከፍላለሁ» ብላችሁ አትጻፉ። መጠኑን ሳታውቁ ዕዳ አመናችሁ ማለት ነው። ምክንያቱ ሕመም ከሆነ የሐኪም ማስረጃ አያይዙ። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገቡና የገቢ ቁጥርና ማኅተም ያለበት ቅጂ ያዙ። ውጭ ካላችሁ በኢሜይል ላኩ፤ አገር ቤት ያለ ሰው ደግሞ ወረቀቱን ያስገባላችሁ።

ዋሳችሁን አትርሱ። እናንተ ዝም ካላችሁ ጥያቄው ወደ እሱ ይሄዳል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት የዋስትና ውል ዋሱ እስከ ስንት ብር እንደሚጠየቅ ካልገለጸ አይጸናም። ስለዚህ የፈረመውን ወረቀት አብራችሁ አንብቡ።

በአንድ ጊዜ መክፈል ካልቻላችሁ በየወሩ ስንት እንደምትከፍሉ ጽፋችሁ ጠይቁ፤ ስምምነቱም በቃል ብቻ አይቅር። ከፍላችሁ ወይም አገልግላችሁ ስትጨርሱ ክሊራንስ ውሰዱ፤ ዋሱም ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጻፍለት።