የቦታ ስሞች አመዳደብ፦ ከሸዋ በር በመነሣት

በአሮጌ የወቅፍ ሰነድ ላይ «በአስማዲን በሪ አጠገብ» የሚል ቃል የሚያገኝ አንባቢ፣ ይህ በር ዛሬ በአማርኛ ሸዋ በር የሚባለው መሆኑን ካላወቀ ንብረቱን ከሌለበት ይፈልጋል። አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባሠሩት የጁገል ግንብ በስተ ምዕራብ የሚገኘው በር በሐረሪ ቋንቋ አስማዲን በሪ ነው፤ «በሪ» ማለትም በር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን አምስቱን በሮች ሲዘረዝር ይህንኑ አስማዲን ወይም ሐማሬሳ ብሎታል፤ ሸዋ የሚል ስም በዝርዝሩ ውስጥ አይገኝም።

ስለዚህ አንድን ስም ለመመደብ ሁለት ጥያቄዎችን ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል። አንደኛው፣ ስሙ ዛሬ የሚጠራው ምንድን ነው? ሁለተኛው፣ ቃሉ የተወሰደው ከምንድን ነው? ሸዋ በር በመጀመሪያው ጥያቄ የበር ስም ሲሆን፣ ከበሩ ውጭ ያለው ገበያና አካባቢም በዚሁ ስለሚጠራ የሰፈር ስም ሆኗል። በሁለተኛው ግን ከሩቅ አገር ስም የተወሰደ ነው። «ሸዋ» መንገዱ ወዴት እንደሚወስድ ያመለክታል እንጂ በሰፈሩ ማን እንደኖረ አይመሰክርም።

የሰፈራ ስም የሚባለው ሰዎች የሚኖሩበትን ከተማ፣ መንደር ወይም ሰፈር ይጠራል። ሐረሪዎች ከተማቸውን «ጌይ» ይሏታል፤ ትርጉሙም ከተማ ማለት ብቻ ነው። ለነዋሪው ከተማዋ አንዲት ስለሆነች ሌላ መለያ አላስፈለጋትም።

የውኃ ስም ወንዝን፣ ሐይቅንና ምንጭን ይጠራል፤ ከሐረር በስተ ምሥራቅ ያለው ኤረር ወንዝ አንዱ ነው። የውኃ ስም ከውኃው አልፎ ይሄዳል። ሐሮማያ በኦሮምኛ «ሐሮ»፣ ማለትም ሐይቅ፣ ከሚለው ቃል የተነሣ የሐይቅ ስም ነው። ሐይቁ ለዓመታት ደርቆ በነበረበት ጊዜም ከተማውና ዩኒቨርሲቲው በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር። ዛሬ የሰፈራ ስም ሆኖ የምናገኘው ይህ ቃል በምንጩ የውኃ ስም ነው።

የተራራ ስም ብዙ ጊዜ አንባቢን የሚያሳስተው ቃሉ በሌላ ቋንቋ ግልጽ ሲመስል ነው። ከሐረር በስተ ደቡብ ያለውን የሐኪም ተራራ አማርኛ ተናጋሪ ከሕክምና ጋር ሊያያይዘው ይችላል፤ ስሙ ግን የአው ሐኪም ነው። «አው» ሐረሪዎች ለወሊዮቻቸው የሚሰጡት የአክብሮት መጠሪያ ነው። እንዲህ ያለውን ስም «የሐኪሞች ተራራ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ወሊዩን ከታሪኩ ያስወጣዋል።

የመስክ ስም እርሻን፣ ሜዳንና ግጦሽን ይጠራል፤ በካርታ ላይ እምብዛም ስለማይገባ የሚታወቀው ከባለርስቱ አፍ ነው። አንዳንዱ ግን በታሪክ ምክንያት ይታወቃል። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም እ.ኤ.አ. በ1529 ከአፄ ልብነ ድንግል ጋር የተዋጉበት ሽምብራ ኩሬ ከዚህ ይመደባል። በስሙ ውስጥ ሰብልም ውኃም አለ፤ የሚጠራው ግን ሜዳ ነው። «ኩሬ» የሚለውን ቃል ብቻ አይቶ ከውኃ ስሞች የመደበው ሰው ሁለተኛውን ጥያቄ መልሶ የመጀመሪያውን ዘሎታል።

የአካባቢውን ስሞች በመዝገብ ለሚጽፍ መምህር ወይም ኢማም እንግዲህ አንድ ዓምድ አይበቃም፤ ለአማርኛውና ለሐረሪው ስም፣ ለሚጠራው ነገርና ለቃሉ ምንጭ የተለያየ ስፍራ ሊሰጥ ይገባል።