12 ነርስ ለ24 አልጋ፣ 1 ለ2 ነው?

ስለ ነርስ እጥረት ሲነሳ ብዙ ሰው፣ አንዳንድ ኃላፊም ጭምር፣ የሚሠራው ስሌት አንድ ዓይነት ነው፤ የክፍሉን ነርሶች ይቆጥርና ለአልጋው ያካፍላል። በአዊ ዞን የአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በግምጃ ቤት ዓይነት ከተማ ያለ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል እናስብ። 24 አልጋ ላለው አንድ የተኝቶ ሕክምና ክፍል 12 ነርሶች ተመድበዋል እንበል። «አንድ ነርስ ለሁለት ታካሚ ነው፤ ታዲያ ምን ጎደለ?» ይባላል። ይህ ስሌት ስለ ደመወዝ መዝገቡ እንጂ ስለ ክፍሉ የሚናገረው ነገር የለም። ታካሚውን የሚጠብቀው ምጣኔ የሚለካው በሰዓት ነው፤ እሑድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ክፍሉ ውስጥ ያለችው ነርስ ስንት ሰው ይዛለች? በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት አብዛኛው ሰው ከሚገምተው እጅግ ይሰፋል።

ለምሳሌ ያህል ዝቅተኛውን ምጣኔ ቀን 1 ለ6፣ ሌሊት 1 ለ8 እናድርገው፤ አልጋው ሁሉ ተይዟል፣ ፈረቃውም ባለ 12 ሰዓት ነው። ቀን 4፣ ሌሊት 3 ነርሶች ያስፈልጋሉ ማለት ነው። ይህ በየቀኑ 84 የነርስ ሰዓት፣ በዓመት 30,660 ሰዓት ይሆናል። አሁን ደግሞ አንዲት ነርስ በዓመት ስንት ሰዓት መስጠት እንደምትችል እንይ። የፌዴራሉ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መደበኛውን የሥራ ጊዜ በሳምንት ከ39 ሰዓት አያሳልፍም፤ በዓመት 2,028 ሰዓት ነው። ከዚህ ላይ የዓመት ፈቃድ፣ የበዓል፣ የሕመምና የሥልጠና ቀናት ይቀነሳሉ። በድምሩ 40 ቀን ብንልላት 1,716 ሰዓት ገደማ ይቀራታል። 30,660ን በዚህ ስናካፍል 18 ነርስ ይመጣል። የርክክቡን ግማሽ ግማሽ ሰዓትና ታካሚ የማይመደብባትን የክፍል ኃላፊ ስንጨምር ወደ 20 ይጠጋል። አንዷ ወልዳ የአራት ወር የወሊድ ፈቃድ ብትወጣ የሚፈጠረው ክፍተት ገና በዚህ ውስጥ አልገባም። ባሉት 12 ነርሶች ግን በቀን የሚገኘው 56 ሰዓት ብቻ ነው። ቀን አራቱ ይሟሉ ከተባለ 48ቱ እዚያው ያልቃል፤ ለሌሊት የሚተርፈው 8 ሰዓት አንዲት ነርስን እንኳ አያሳድርም። ከቀኑ ትንሽ ተቆርሶ አንዲት ነርስ ብታድር፣ በወረቀት 1 ለ2 የተባለው ሌሊት 1 ለ24 ሆኖ ይገኛል።

«ሌሊቱ ቀላል ነው፣ በሽተኛ ይተኛል» የሚለው ሁለተኛው እምነት ይህን ጉድለት ይሸፍነዋል። እምነቱ ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። ቀን የሐኪሞች ዙር አለ፣ የሚገባና የሚወጣ ታካሚ አለ፤ ስለዚህ ቀን ብዙ እጅ ይፈልጋል። በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ግዛት ሕግ በትልልቅ ሆስፒታሎች ቀን 1 ለ4፣ ሌሊት 1 ለ8 ሲፈቅድ፣ ካሊፎርኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣችውና ከ2004 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ቀንና ሌሊትን አትለይም። ሌሊቱን ማሳነስ እንግዲህ ሊያከራክር የሚችል ምርጫ ነው። ያለ ልክ ማሳነስን ግን ሁለቱም አይፈቅዱም። መድኃኒቱም ሰዓት እንጂ ጨለማ አያውቅም፤ በየ6 ሰዓቱ የሚሰጥ አምፒሲሊን ከአራቱ መርፌዎች ሁለቱ ማታና ሌሊት ይውላሉ፤ ለከባድ ወባ የሚሰጠው አርቴሱኔትም በተጀመረ በ12ኛውና በ24ኛው ሰዓት መደገም አለበት። ቀን የሚያግዙት ተማሪዎችና ሐኪሞች ደግሞ ሌሊት አይኖሩም። አስታማሚው ይኖራል፤ ያጎርሳል፣ ያጥባል፣ ጉሉኮሱ ሲያልቅ ይጣራል። የትንፋሹ ፍጥነት እየጨመረ መሆኑን ግን አይለይም፤ እንዲለይም አይጠበቅበትም።

በእኔ ግምት ለትንሽ ሆስፒታል ከምጣኔው እኩል የሚያስፈልገው ሌላ ወለል አለ፤ ክፍሉ ስምንት ታካሚ ብቻ ቢኖረውም ሌሊት አንዲት ነርስ ብቻዋን አትደር። ደም ከመሰጠቱ በፊት ከረጢቱንና ታካሚውን ሁለት ሰው ማመሳከር አለበት። አንዱ ታካሚ ልቡ ቆሞ ስትረባረብ ሌሎቹን የሚያይ የለም። ከግምጃ ቤት ዓይነት ከተማ ወደ እንጅባራ ሪፈር የሚባል ታካሚ በሌሊት ሲነሳ ደግሞ አብራው አምቡላንስ የምትገባው ብዙ ጊዜ ነርስ ናት። ብቻዋን አዳሪ ከሆነች፣ እሷ ስትሄድ ምጣኔው ዜሮ ይሆናል። ለሁለት አጎራባች ክፍሎች አንዲት ተጨማሪ ተንቀሳቃሽ ነርስ መመደብ ለእያንዳንዱ ክፍል ለብቻ ከመጨመር ይረክሳል። ሪፈሩ ሲመጣ የምትሄደው እሷ ናት።

«ጉድለቱን ዲዩቲ ይሞላዋል» የሚለው መልስ በብዙ ቦታ ፕሮግራሙን እስከ ዛሬ ያቆየው ነው። በምሳሌያችን በቀን የጎደለው 28 ሰዓት ለ12 ሰው ሲከፋፈል ለእያንዳንዷ በሳምንት 16 ሰዓት ገደማ ትርፍ ይሆናል፤ ያውም በየሳምንቱ፣ ዓመቱን ሙሉ። እንዲህ ያለውን ነገር ትርፍ ሰዓት ማለት ይከብዳል፤ ያልተቀጠሩ ስድስት ነርሶች ሥራ ነው። ብዙ ነርሶች ረጅም ዲዩቲን ይመርጡታል፤ ኦፉ ይበዛል፣ መንገዱ ይቀንሳል፣ ክፍያውም ደመወዙን ይደግፋል። ምርጫቸው ከኑሮው አንጻር ትክክል ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የታተመ የአን ሮጀርስና የባልደረቦቿ ጥናት፣ ከ12 ሰዓት ተኩል በላይ የሚሠሩ ነርሶች ስህተት የመሥራት ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። የ24 ሰዓት ዲዩቲ ሲወጣ ምጣኔው በወረቀት ይሟላል፤ በ20ኛው ሰዓት ላይ ያለችው ነርስ ግን የምትቆጠረው እንደ አንድ ሙሉ ሰው ነው።

«ምጣኔ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፣ በጀቱ ከየት ይምጣ?» የሚለው ከሁሉም ከባዱ ተቃውሞ ነው። ስድስት ነርስ ነገ ቅጠሩ ማለት ለብዙ ሆስፒታል ባዶ ቃል መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ምጣኔ የሚያገለግለው ለቅጥር ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ባለው ሰው ምን ያህል መሸከም እንደሚቻልም ይነግራል። በክፍሉ ቀን 3፣ ሌሊት 2 ለማቆም በቀን 60 ሰዓት ይበቃል፤ ይህም 13 ነርስ ነው። አንድ ሰው መጨመር፣ ሌሊቱን ከ1 ወደ 2 ማድረስ ማለት ነው። አልጋውን ከ24 ወደ 18 ማውረድ ከተቻለ ቀን 1 ለ6፣ ሌሊት 1 ለ9 ይሆናል። አልጋ መቀነስ ታካሚ መመለስ ነው ይባል ይሆናል፤ አዎ፣ ዋጋ አለው። ግን የሊንዳ ኤይከን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተመው ጥናት፣ ቀዶ ሕክምና ለተደረገላቸው ሰዎች በአንድ ነርስ ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድል በ7 በመቶ ገደማ ከፍ እንደሚል አግኝቷል። ጥናቱ የፔንስልቬኒያ ሆስፒታሎችን እንጂ የእኛን አላየም፣ ቁጥሩም እንዳለ አይተላለፍም፤ አቅጣጫው ግን እዚህ የሚገለበጥበት ምክንያት አይታየኝም። የ24ኛው አልጋ ዋጋም የሚከፈል ነው፤ የሚከፍሉት ደግሞ ሃያ ሦስቱ ናቸው።

አንድ ክፍል የት እንዳለ ለማወቅ የዲዩቲ ፕሮግራሙን ማየት ይበቃል። የዓመቱን አማካይ ሳይሆን የሁለት ቀናትን ሌሊት ይመልከቱ፤ አንድ ተራ እሑድና ሁሉም ኦፍ የሚጠይቅበትን ጥር 23፣ በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል የሚከበርበትን ቀን። በዚያ ሌሊት የተጻፉትን ስሞች ይቁጠሩ፣ ከመካከላቸው ቀኑንም ሲሠሩ የዋሉትን ይሰርዙ፣ የቀረውን በዚያ ምሽት ተይዘው ከነበሩት አልጋዎች ጋር ያስተያዩ። የክፍሉ ምጣኔ እሱ ነው።