ሮዝ ሁሉ ኢ. ኮላይ አይደለም

ለፈተና በሚዘጋጁ ተማሪዎች እጅ የሚዘዋወር አንድ ጥያቄ አለ፤ ከነተሳሳተ መልሱ። ከሽንት ናሙና ግራም ኔጌቲቭ የሆነ ዘንግ መሰል ባክቴሪያ ተገኘ። በማኮንኪ አጋር ላይ ሮዝና ዝልግልግ ኮሎኒ አወጣ። ኢንዶልና ሜቲል ሬድ ኔጌቲቭ፤ ቮገስ-ፕሮስካወር፣ ሲትሬትና ዩሪየዝ ፖዘቲቭ፤ እንቅስቃሴ የለውም። መልሱ «ኢ. ኮላይ» ተብሏል። ለምን? ሮዝ ስለሆነና ከሽንት ስለተገኘ!

ሮዙ የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ባክቴሪያው ላክቶስን አብላልቶ አሲድ አውጥቷል፤ አጋሩ ውስጥ ያለው ኒውትራል ሬድም ፒኤች ከ6.8 በታች ሲወርድ ቀላ። ክሌብሲየላም ኢንትሮባክተርም ይህን ያደርጋሉ።

ቁልፉ ያለው በሜቲል ሬድና በቮገስ-ፕሮስካወር ነው። ግሉኮስ ፈርሶ ፓይሩቬት ከሆነ በኋላ መንገዱ ይለያያል። ኢ. ኮላይ ላክቲክ፣ አሴቲክና ፎርሚክ አሲድ እያመረተ ፒኤቹን ወደ 4.4 ወይም ከዚያ በታች ስለሚያወርደው ሜቲል ሬድ ቀይ ሆኖ ይቀራል። ክሌብሲየላ ግን አሲዱ ሲበዛበት ፓይሩቬቱን ወደ አሴቶይንና ቡታንዳዮል ያዞረዋል። እነዚህ አሲድ ስላልሆኑ ፒኤቹ ተመልሶ ይወጣል፤ ሜቲል ሬድም ቢጫ ይሆናል። ቮገስ-ፕሮስካወር የሚይዘው ያንኑ አሴቶይን ነው፦ መጀመሪያ አልፋ-ናፍቶል፣ ቀጥሎ 40 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ተጨምሮ አየር እንዲገባው ይናጣል፤ አሴቶይኑ ወደ ዳያሴቲል ተለውጦ ከፔፕቶኑ ጋር ቀይ ቀለም ያወጣል። ሁለቱ ምርመራዎች አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒ ውጤት የሚሰጡት ለዚህ ነው።

ችኩል ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ክሌብሲየላም በመጀመሪያ አሲድ ያመርታልና ሜቲል ሬድ በ24 ሰዓት ከተነበበ ቀይ ሊሆን ይችላል። 48 ሰዓት መጠበቅ ግድ ነው። የቮገስ-ፕሮስካወሩን ቱቦ ሳይንጡ የሚያነቡም ደካማውን ፖዘቲቭ ኔጌቲቭ ይሉታል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው። ሜቲል ሬድ ኔጌቲቭ፣ ቮገስ-ፕሮስካወር ፖዘቲቭ መሆኑ ኢ. ኮላይን ያስወጣል። ኢንትሮባክተር በእነዚህ ሁለቱ ከክሌብሲየላ ጋር ይመሳሰላል፤ ነገር ግን ይንቀሳቀሳል። የቀረው ክሌብሲየላ ነው። ክሌብሲየላ ኦክሲቶካ ኢንዶል ፖዘቲቭ ስለሆነ እሱም ይወጣል። መልሱ ክሌብሲየላ ኒሞኒዬ ነው።

እዚህ ላይ እኛ የላቦራቶሪ ሰዎች መጠንቀቅ አለብን። የቅርብ ዘመዱ ክሌብሲየላ ቫሪኮላ በእነዚህ ቱቦዎች ከእሱ አይለይም፤ ላክቶስን ዘግይቶ የሚያብላላ ወይም ጭራሹን የማያብላላ ኢ. ኮላይም አለ። ስለዚህ የቱቦ ውጤት ከሁሉ የሚቀርበውን ስም ይሰጣል እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይሰጥም።

የስሙ ስህተት ግን ከነጥብ ያልፋል። ክሌብሲየላ ኒሞኒዬ አምፒሲሊንን በተፈጥሮው ይቋቋማል፤ ኢ. ኮላይ ግን አንዳንዴ ይሸነፍለታል። «ኢ. ኮላይ» ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ሐኪሙ የማይሠራ መድኃኒት እንዲያዝ በር ይከፍታል።